የትምህርት ቤት ክፍያ ቁጠባ፦ ግቡ በየዓመቱ ከፍ ሊል የሚገባው ለምንድን ነው? እንዴትስ ይሰላል?

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። በመስፊያ ማሽኗ መሳቢያ ውስጥ አንድ የልኬት ደብተር አላት። ከፊት በኩል የደንበኞቿ የትከሻና የወገብ ልክ ይጻፍበታል፤ ከኋላ በኩል ደግሞ የቤቷ ሒሳብ። በመስከረም 2017 ከኋላ ያለውን አንድ ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። «50,000 ÷ 48 = 1,042» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቁ ያን ጊዜ 8ኛ ክፍል ነበር፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ይማራል። ትንሿ 5ኛ ክፍል ናት፣ በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ትንሿም 9ኛ ክፍል ስትደርስ ወንድሟ ወዳለበት ትምህርት ቤት እንድትገባ እናትና አባት ተስማምተዋል። ችግሩ ያለው በ2021 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ወንድሟ 12ኛ፣ እሷ 9ኛ ክፍል ይሆናሉ፤ ክፍያው ድርብ ነው። ከዚያ በፊት ለአንዱ ብቻ ይከፈላል፤ ከዚያም በኋላ ወንድሟ ስለሚጨርስ እንደገና ለአንዱ ብቻ ይከፈላል። ስለዚህ የዚያን የአንድ ዓመት ክፍያ በአራት ዓመት ቀስ በቀስ ለማጠራቀም አሰበች።

የ9ኛ ክፍል የዓመት ወጪ ያን ጊዜ 50,000 ብር ነበር፦ በወር 4,000 ብር ለአሥር ወራት፣ 3,000 ብር መመዝገቢያ፣ 7,000 ብር ደግሞ ለመጻሕፍትና ለደንብ ልብስ። አራት ዓመት ማለት 48 ወራት ነው። አካፈለችው፤ በወር 1,042 ብር መጣ። ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ 50,000 የሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ ያ የ2017 ዋጋ እንጂ የ2021 ዋጋ አይደለም።

ይህን ለማሳየት ረጅም ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በመጀመሪያው ዓመት የምታስቀምጠው 12,500 ብር ገደማ ነው። በዚያን ዓመት ዋጋ ይህ ገንዘብ የክፍያው ሩብ ነው፤ ስለዚህ «አንዱን ሩብ ጨረስኩ» ብላ ታስባለች። ክፍያው በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር ግን በ2021 የዓመቱ ወጪ 103,680 ብር ይሆናል። ያው 12,500 ብር ያን ጊዜ የክፍያው ስምንተኛ ነው። አንድም ብር ሳይነካ፣ በባንክ እንደተቀመጠ፣ ሩብ የነበረው ግማሹን አጣ። ወለድ ታስቦለት እንኳን 15 ከመቶ ገደማ ቢሸፍን ነው።

የትምህርት ቤት ቁጠባ ከሌላ ቁጠባ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለሠርግ የሚቆጥብ ሰው ገንዘቡ ካነሰው ድግሱን ያሳንሳል። ትምህርት ቤት ግን የሚቀበለው በዕለቱ የወጣውን ዋጋ ነው፤ ቀኑም መስከረም ነው፣ አይገፋም።

ጭማሪ በጭማሪ ላይ

20 በመቶ በአራት ዓመት እንዴት ከእጥፍ በላይ እንደሚያደርስ መጀመሪያ ሲሰሙት ብዙ ሰዎች ይጠራጠራሉ። እህቴም የመጀመሪያ ግምቷ ሌላ ነበር። የ50,000 ሃያ በመቶ 10,000 ነው፤ አራት ጊዜ 10,000 ሲጨመር 90,000 ይሆናል አለች። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በሁለተኛው ዓመት ሃያ በመቶ የሚጨምረው በ50,000 ላይ ሳይሆን አስቀድሞ ከፍ ባለው በ60,000 ላይ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በ1.2 እናባዛለን፦ 60,000፣ ከዚያ 72,000፣ ከዚያ 86,400፣ በመጨረሻም 103,680። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ13 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ያውም በአራት ዓመት ብቻ። ጊዜው ሲረዝም ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

አሁን ተገቢው ጥያቄ «ሃያ በመቶው ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ብዙዎች በዜና የሚሰሙትን አጠቃላይ የዋጋ ንረት ይወስዳሉ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ቁጥር ጠቃሚ ቢሆንም ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ በቀጥታ አይናገርም፤ ከሚለካው የሸቀጥ ዘንቢል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው። ጤፍና ሽንኩርት ሲረክሱ አጠቃላዩ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ የመምህራን ደመወዝና የሕንፃ ኪራይ ግን አብረው አይወርዱም። የግል ትምህርት ቤት ክፍያን በዋናነት የሚወስኑት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በተጨማሪም ጭማሪው ዘግይቶ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ለተከታታይ ወራት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የመምህራን የደመወዝ ጥያቄ፣ የኪራይ ውል እድሳትና የክፍያ ማስተካከያ ግን ከንረቱ ኋላ እየተከታተሉ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ንረቱ ረገበ ሲባል ክፍያው ገና እየተነሣ ሊሆን ይችላል።

የተሻለው መነሻ የትምህርት ቤቱ የራሱ ታሪክ ነው። እህቴ ወደ ቢሮው ሄዳ የ9ኛ ክፍል ወርኃዊ ክፍያ ከአራት ዓመት በፊት ስንት እንደነበር ጠየቀች። 1,900 ብር ነበር። አሁን 4,000 ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ያሻል፤ የትልቁ ልጇ ያለፉት ዓመታት ደረሰኞች በእጇ ነበሩ፣ እነሱን ግን አልተጠቀምንባቸውም። ልጁ በየዓመቱ ክፍል ሲቀይር ክፍያውም አብሮ ተቀይሯል፤ ከ4ኛ ወደ 5ኛ፣ ከ6ኛ ወደ 7ኛ ሲዛወር የተጨመረው ሁሉ የዋጋ ንረት አይደለም። መወዳደር ያለበት አንድ ክፍል ከራሱ ጋር ነው፦ የዛሬው 9ኛ ከዱሮው 9ኛ።

4,000 ለ1,900 ሲካፈል 2.105 ይሆናል። ይህ የአራት ዓመት ጠቅላላ ዕድገት ነው። የአንዱን ዓመት ለማግኘት ለአራት አይካፈልም፤ ጭማሪው አንዱ በሌላው ላይ ስለተደራረበ እንዲህ ብናደርግ ከእውነቱ የበዛ፣ ወደ 28 በመቶ የሚጠጋ ቁጥር ይሰጠናል። ቀላሉ መንገድ በስልክ ላይ ባለው የሒሳብ ማሽን የ√ ምልክትን ሁለት ጊዜ መጫን ነው። 2.105 መጀመሪያ 1.451፣ ከዚያ 1.2046 ይሆናል። በዓመት 20 በመቶ ማለት ነው። ይህ አቋራጭ የሚሠራው ለአራት ዓመት ልዩነት ነው፤ ለሁለት ዓመት ልዩነት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ስለዚህ ቢሮውን ስትጠይቁ የሁለት ወይም የአራት ዓመት በፊት ዋጋ ብትጠይቁ ሥራው ይቀልላችኋል።

ክፍያቸውን ከዶላር ጋር ለሚያያይዙ ትምህርት ቤቶች ግን ይህ ታሪክ ብቻውን አይበቃም። የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ መንገድ ለሚከፍል ወላጅ ዋናው ጥያቄ የምንዛሪው ነገር ስለሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። እዚህ የምናየው በብር የሚተመነውን ብቻ ነው።

መዋጮውን ማሳደግና ግቡን ማሳደግ አንድ አይደሉም

103,680 ለ48 ወራት ሲካፈል በወር 2,160 ብር ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ ደብተሯን ልትዘጋ ነበር። እኔም አልፈረድኩባትም፤ ዛሬ 2,160 ብር ማውጣት ከሦስት ዓመት በኋላ 2,160 ብር ከማውጣት እጅግ ይከብዳል። የስፌት ዋጋም፣ የባሏ ደመወዝም ባሉበት አይቆሙም። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ጀምሮ በየዓመቱ ከፍ የሚል መዋጮ ይሻላል።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት ወጥመድ አለ። «እንግዲያው በ1,042 ልጀምርና በየዓመቱ 20 በመቶ ልጨምርበት፤ ክፍያው በሚያድግበት ልክ እኔም አሳድጋለሁ» ይላል። ትክክል ይመስላል። ሲሰላ ግን በአራት ዓመት የሚጠራቀመው 67 ሺህ ብር ገደማ ነው። በ7 በመቶ ወለድ ታስቦ እንኳን ወደ 76 ሺህ ነው። ከግቡ 28 ሺህ ብር ያህል ይጎድላል።

ለምን ጎደለ? ምክንያቱ ያ የመጀመሪያው ዓመት 12,500 ብር ነው። መዋጮው አደገ፣ አስቀድሞ የተቀመጠው ገንዘብ ግን ከክፍያው እኩል አላደገም። በመጀመሪያውም፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ዓመት የተቀመጠው ሁሉ ከክፍያው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያንን ክፍተት የሚሸፍንለት የለም። ስለዚህ መነሻው ራሱ ከወደፊቱ ግብ ተነሥቶ መሰላት አለበት።

አሠራሩ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት መዋጮ «አንድ ድርሻ» እንበለው። በሁለተኛው ዓመት 1.2 ድርሻ፣ በሦስተኛው 1.44፣ በአራተኛው 1.728 ይዋጣል። ሲደመሩ 5.368 ድርሻ ናቸው። 103,680ን ለ5.368 እናካፍላለን፤ የአንዱ ዓመት ድርሻ 19,314 ብር ይመጣል። ለ12 ወር ሲካፈል 1,610 ብር። እንግዲህ በ2017 በወር 1,610፣ በ2018 በወር 1,932፣ በ2019 በወር 2,318፣ በ2020 በወር 2,782 ብር። አንድ ላይ 103,704 ብር ይሆናል፤ ግቡን ይመታል።

በዚህ ውስጥ ወለድ አላስገባሁም፤ ሆን ብዬ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በዚህ ምጣኔ ብናስብ የእህቴ ቁጠባ በአራት ዓመት ከ13 ሺህ ብር ያላነሰ ወለድ ያስገኛል፤ ከዚህ ላይ ግብር ይቀነሳል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ገና ያልገባ ወለድን ተማምኖ መዋጮን ከመቀነስ፣ ደብተር ላይ ከገባ በኋላ መቁጠር ይሻላል። የመማሪያ መጻሕፍት ዋጋ ወይም ያልታሰበ የላቦራቶሪ ክፍያ ድንገት ሲመጣ ትራስ የሚሆነው እሱ ነው። ተቀማጩ ጠርቀም ሲል ከተራ ቁጠባ የተሻለ ወለድ ወደሚከፈልበት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማዛወር ይቻላል፤ ያን ጊዜ የገደቡ ማብቂያ ነሐሴ ላይ እንዲውል ማድረግ እንጂ ከመስከረም እንዲያልፍ መተው አይገባም።

በእቁብ የሚቆጥቡም ብዙ ናቸው። እቁብ ወለድ ባይኖረውም ሰውን ከማዘናጋት ይጠብቃል። እንዲህ ላለው ግብ ያለበት ችግር ግን መዋጮው ዙሩ እስኪያልቅ የማይለወጥ መሆኑ ነው። የሁለት ዓመት ዙር ያለው እቁብ ውስጥ የገባ ሰው ለሁለት ዓመት መዋጮውን ከፍ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ዙር ያለው እቁብ ቢመረጥ፣ አዲስ ዙር ሲጀመርም የዕጣው መጠን ከፍ እንዲል ሰብሳቢውንና አባላቱን ማነጋገር ይሻላል። ካልሆነም እቁቡ እንዳለ ይቀጥልና ልዩነቱ በባንክ ይቀመጥ።

የሰኔ ሒሳብ

እስካሁን ያየነው አንድ ጊዜ የሚሠራ ስሌት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው በየዓመቱ የሚደገመው ሥራ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠውም ይህ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ጭማሪ የሚያሳውቁት የትምህርት ዘመኑ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ ወላጆችን ሰብስበው ወይም በደብዳቤ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚከለሰው በሰኔ ነው፤ የቁጥሩ መነሻ የዜና ወሬ ሳይሆን ያ ደብዳቤ ነው።

በ2017 ማብቂያ ላይ የእህቴ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ላከ። ልጁ እንደነገሩ አጥፎ የሒሳብ ደብተሩ ውስጥ ከትቶት ነበር፤ ጫፉ ቀለም ነክቶታል። የ9ኛ ክፍል ወርኃዊ ክፍያ ከ4,000 ወደ 5,300 ብር ከፍ ብሏል። 32.5 በመቶ ነው። እህቴ ወዲያው 50,000ን በ1.325 ልታባዛ ነበር። ቆይ አልኳት። ደብዳቤው የሚናገረው ስለ ወርኃዊው ክፍያ ብቻ ነው። መመዝገቢያው 3,500 ብር ሆኗል፤ መጻሕፍቱና ደንብ ልብሱ ተጠይቆ 8,500 ገደማ መጡ። እያንዳንዱ በራሱ ዋጋ ሲደመር 53,000፣ 3,500 እና 8,500፣ አንድ ላይ 65,000 ብር። ጠቅላላ ጭማሪው 30 በመቶ ነው። በተቃራኒው የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ወርኃዊው ክፍያ ብዙም ሳይነካ መመዝገቢያውና «ልዩ ልዩ» የሚባለው እጥፍ ይሆናል። በመቶኛ ብቻ የሚሄድ ሰው ይህን አያየውም።

ከዚያ ስሌቱን ከአዲሱ ዋጋ ተነሥተን እንደገና ሠራነው። የቀሩት ሦስት ዓመታት ናቸው። 65,000 ሦስት ጊዜ በ1.2 ሲባዛ 112,320 ብር። ግቡ ከ103,680 ወደ 112,320 ከፍ አለ ማለት ነው። በባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የገባው 19,320 ብርና ወለዱ፣ በድምሩ 20,000 ብር ገደማ ነው። ይህ ሲቀነስ 92,320 ይቀራል። ድርሻዎቹ አሁን ሦስት ናቸው፦ 1፣ 1.2 እና 1.44፣ ድምራቸው 3.64። 92,320 ለ3.64፣ ከዚያም ለ12 ሲካፈል 2,114 ብር። እኛም 2,115 አልነው። ስለዚህ በ2018 የሚዋጣው 1,932 መሆኑ ቀርቶ 2,115 ሆነ። በወር 183 ብር ጨመረ።

አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት ብር ከባድ አይደለም፤ አንድ ቀሚስ ከማሳጠር የማይርቅ ነው። ባትከልሰው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እንደ መጀመሪያው እቅድ ቀጥላ፣ ጉድለቱን በመጨረሻው ዓመት ብታገኘው ወደ 8,000 ብር የሚጠጋ ክፍተት ይጠብቃታል፤ ያንን በ12 ወር ለመሙላት በእቅዱ ላይ በወር 660 ብር ያህል መጨመር ይኖርባታል። ያውም ጭማሪው ከግምቱ ያለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ነው። ሁለት ጊዜ ቢደገም ክፍተቱ በእጅ የሚሞላ አይሆንም። ቶሎ የታየ ጉድለት በብዙ ወራት ላይ ይበተናል፤ የዘገየ ግን በጥቂት ወራት ላይ ይከመራል።

በክለሳው ጊዜ ሃያ በመቶውን ወደ ሠላሳ እንለውጠው ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አልለወጥነውም። የአንድ ዓመት ደብዳቤ ለታሪክ አይበቃም። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ የሚወጣ ሳይሆን እንደ ደረጃ የሚዘል ነው። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ምንም ሳይጨምር ቆይቶ በሁለተኛው 44 በመቶ ቢጨምር፣ በየዓመቱ 20 በመቶ ከጨመረው ጋር በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ እኩል ናቸው፤ 1.2 በ1.2 ሲባዛ 1.44 ነውና። ስለዚህ ትልቅ ጭማሪ የመጣበት ዓመት የረጅም ጊዜውን ግምት በአንዴ አያፈርሰውም።

በዚያው ምክንያት ጭማሪ ያልመጣበት ዓመት ደግሞ አደገኛው ነው። ደብዳቤው «በዚህ ዓመት የክፍያ ለውጥ የለም» ሲል ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ሰው ሆኖ የማይደሰት የለም። ብዙውን ጊዜ ግን ያ ጭማሪ ለቀጣዩ ተላለፈ እንጂ አልቀረም። በእንዲህ ያለ ዓመት ግቡን ዝቅ አታድርጉ፤ የመዋጮውን ጭማሪም አታስቀሩ። የክፍያው ለውጥ በማስታወቂያ መጣም አልመጣ፣ ግቡ በግምቱ ልክ ከፍ ይላል። ግምቱ ራሱ መከለስ ያለበት የሁለት ወይም የአራት ዓመት አዲስ ታሪክ ሲገኝ፣ በዚያ በ√ መንገድ እንደገና ተሰልቶ ነው።

ግምቱ ተሳስቶ ብዙ ቢቀመጥስ? ክፍያው በዓመት 15 በመቶ ብቻ ቢጨምር ኖሮ በ2021 የሚያስፈልገው 87,450 ብር ነበር፤ ወደ 16 ሺህ ብር ይተርፋል። የተረፈው ለ10ኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት ይሆናል። ወደ ላይ መሳሳትና ወደ ታች መሳሳት እኩል አይጎዱም፤ ስለዚህ በሁለት ግምቶች መካከል ስትወላውሉ ከፍተኛውን ያዙ።

የማይቻል ሲሆን

ይህ ሁሉ ስሌት የሚነግረን አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ አንዳንዴም አሳዛኝ ነው። መዋጮው በየዓመቱ 20 በመቶ እያደገ ገቢው 10 በመቶ ብቻ ካደገ፣ ቁጠባው ከቤቱ ገቢ የሚወስደው ድርሻ በየዓመቱ ይሰፋል። እህቴና ባሏ ተነጋግረው አንድ ወሰን አስቀምጠው ነበር፦ በመጨረሻው ዓመት እንኳን በወር ከ3,000 ብር በላይ ማስቀመጥ አይችሉም። በአዲሱ ስሌት መሠረት የ2019 መዋጮ 2,538፣ የ2020 ደግሞ 3,046 ብር ይሆናል። ወሰኑ በ46 ብር ተጣሰ። ለ46 ብር ተብሎ ትምህርት ቤት አይቀየርም፤ ግን አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ እንደዚያኛው ከመጣ ወሰኑ በብዙ ይጣሳል።

ስለዚህ በዚያው ገጽ ላይ ከሥር መስመር አሰመርንና ሁለተኛ ትምህርት ቤት ጻፍን። ከሰፈራቸው በእግር ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ፣ የ9ኛ ክፍል የዓመት ወጪው በ2017 ማብቂያ ላይ 38,000 ብር የነበረ ነው። እሱም በዚያው 20 በመቶ ቢያድግ በ2021 65,664 ብር ይደርሳል። በደብተሩ ያለው 20,000 ሲቀነስ 45,664 ይቀራል፤ ለ3.64ና ለ12 ሲካፈል በወር 1,045 ብር። እህቴ ቁጥሩን ስታየው ወደ ኋላ ገልጣ የመጀመሪያውን ገጽ ፈለገች፤ በራሷ እጅ የጻፈችው 1,042 እዚያው አለ።

ለጊዜው የምታስቀምጠው 2,115 ነው። ሁለቱ ስሌቶች ግን ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ በየሰኔው ሁለቱም ይከለሳሉ። 2020 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት በሚሠራው ስሌት ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው መዋጮ ወሰኑን በብዙ አልፎ በወር ከ3,300 ብር በላይ ከሆነ ልጅቷ በሁለተኛው ትምህርት ቤት ትመዘገባለች፤ የተጠራቀመውም ከበቂ በላይ ይሆናል። ይህን ልጅቷም ታውቀዋለች። ባለፈው እሁድ ቤታቸው ስሄድ በሁለተኛው ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ክፍል እንዳለ ጠይቃ መምጣቷን ነገረችኝ፤ እናቷ መልሱን ከ38,000 ጎን በትንንሽ ፊደል ጽፋዋለች።